ዶሮው ለሐሙስ ያደረበት ዓመት፦ የአምናን የበዓል ማስታወቂያ ለዘንድሮ ማደስ

የ2017 ሐምሌ ሊያልቅ ሲል ስልኬ ጠራ። እትዬ ናቸው። ጅማ መርካቶ አካባቢ ቡናና ማር ይሸጣሉ፣ የበዓል ማስታወቂያቸውን የምጽፈው እኔ ነኝ። "ያን የአምናውን ዓመተ ምሕረቱን ብቻ ቀይረህ ልቀቀው፤ ጥሩ ሸጦልን የለ?" አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ ሸጧል። ግን ከአራቱ ጽሑፎች የትኛው እንደሸጠ፣ ከዚያም ውስጥ የትኛው መስመር እንደሸጠ፣ እሳቸውም እኔም አናውቅም ነበር። ዓመተ ምሕረት ቀይሮ መልቀቅ የሚያስቸግረው እዚህ ላይ ነው። የሠራውም ያልሠራውም፣ ዘንድሮ ውሸት የሆነውም አብሮ ይለቀቃል።

ስለዚህ ቁጭ ብለን ከመጀመሪያው አየነው። እናንተም ለበዓል የአምናውን ልታነሱ ካሰባችሁ እኛ ለ2018 እንቁጣጣሽ የሄድንበትን ቅደም ተከተል ልንገራችሁ። አንድ ቀን ተኩል ይፈጃል፣ አብዛኛው ጊዜ የሚያልቀውም በማንበብ እንጂ በመጻፍ አይደለም።

መጀመሪያ፦ ጽሑፉን ብቻ ሳይሆን መልሱንም ሰብስቡ

ብዙ ሰው የአምናውን ጽሑፍ አውጥቶ ማሳመር ይጀምራል። አይሆንም። መጀመሪያ ሰዎች ምን ብለው እንደመለሱ ያስፈልጋል። እኛ ሦስት ነገር ጠረጴዛ ላይ አደረግን፦ ቴሌግራም ቻናሉ ላይ የወጡትን አራት ጽሑፎች ከነቀናቸውና ከነሰዓታቸው፣ በውስጥ መስመር የመጡትን መልእክቶች፣ እና እትዬ ትዕዛዝ የሚመዘግቡበትን ደብተር። ደብተሩ ከሁሉም በላጭ ነው። ቀን አለው፣ ማን እንዳዘዘ አለው፣ አንዳንዴም ዳር ላይ "ልጁ አዲስ አበባ ነው" የሚል ማስታወሻ አለው።

ከዚያ እያንዳንዱን ጽሑፍ ከወጣ በኋላ በሁለት ቀን ውስጥ ከመጣው ትዕዛዝ ጋር አገናኘን። የወጣው ይህ ነው።

ነሐሴ 25 የለቀቅነው ግጥም ነበር፣ አደይ አበባና ጭጋጉ የተገፈፈ ሰማይ ያለበት። ብዙ ሰው ያየውና ልብ የተሰጠው እሱ ነው። ትዕዛዝ ሁለት። ነሐሴ 28 "አዲስ አበባ ሆናችሁ ጅማ ላለች እናታችሁ" የሚለው ወጣ። አስራ ዘጠኝ ትዕዛዝ። ጳጉሜን 2 ስለ ዶሮ የቀለድነው፣ አስራ አንድ። ጳጉሜን 4 ደግሞ "የመጨረሻ ቀን" ከትንሽ ቅናሽ ጋር፣ ዘጠኝ፤ ግን ስሞቹን ስናይ ሰባቱ በየወሩ የሚገዙ ደንበኞች ናቸው። እነሱ ቅናሽ ባይኖርም ይመጡ ነበር። ያ ቅናሽ እትዬን ገንዘብ አስወጣ እንጂ ሰው አላመጣም።

ግጥሙን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ ሁለት የሚለውን ቁጥር ሳይ ትንሽ አሞኛል።

ቀጥሎ፦ ቃሉ ነው የሸጠው ወይስ ቀኑ?

አስራ ዘጠኝ የሚል ቁጥር ስታዩ ቶሎ አትደሰቱ። ነሐሴ 28 ማለት ደመወዝ ከወጣ በኋላ ነው። ምናልባት በዚያ ቀን ምንም ብንጽፍ ሰው ይገዛ ነበር። እንዲህ በትንሽ ሱቅ፣ በአርባ ትዕዛዝ፣ ይህን በስሌት መለየት አይቻልም። ግን አንድ መንገድ አለ፦ ሰዎቹ ሲያዙ የተጠቀሙበትን ቃል አንብቡ።

"ዋጋ ስንት ነው?" ብቻ ብሎ የመጣ ሰው ቀኑና ኪሱ ነው ያመጣው። "ያን ለእናት የሚላከውን ፈልጌ ነበር" ብሎ የመጣ ሰው ግን የእናንተን ቃል ይዞ ነው የመጣው። ከአስራ ዘጠኙ ውስጥ አስራ ሁለቱ "እናቴ"፣ "እማዬ" ወይም "እነ እማዬ ቤት" የሚል ነበረባቸው። አንዱ እንዲያውም "እስከ በሯ ድረስ ትወስዳላችሁ አይደል?" ብሎ ደግሞ ደጋግሞ ጠይቋል። እንግዲህ የሠራው ነገር ተገኘ፦ ላኪው ሩቅ ነው፣ ተቀባይዋ እናት ናት፣ ዕቃው በሯ ድረስ ይሄዳል። ሦስቱ ናቸው አጥንቱ። ሌላው ሥጋ ነው፣ ይቀየራል።

መልእክቶቹን ስናነብ ያላሰብነውም ተገኘ። አንድ ደንበኛ "ለጅማ ሰው ቡና መላክ ለዓባይ ውኃ መላክ አይሆንም?" ብሎ ቀልዷል። ሳቅን፣ ግን ሌሎች ሦስት ሰዎችም በሌላ አነጋገር ያንኑ ብለዋል። አንዷ "እናቴ የተቆላ አትወድም፣ ራሷ ካልቆላችው ቡና አይመስላትም" ብላ ጽፋለች። አምና የላክነው የተቆላ ቡና ነበር! ለቢሮ ሠራተኛ የሚመች ዕቃ በራሷ እጅ ቆልታ፣ ጭሱን ለጎረቤት አሽትታ ለምታፈላ እናት ስንልክ ነበር ማለት ነው። እትዬ ወዲያው "ዘንድሮ የተለቀመ ጥሬ ቡና ነዋ" አሉ። ጽሑፍ ለማደስ ተቀምጣችሁ ዕቃው ራሱ መቀየር እንዳለበት ብታገኙ አትደነቁ፤ ያጋጥማል።

ከዚያ፦ መስመር በመስመር በቀለም

የአምናውን የነሐሴ 28 ጽሑፍ በወረቀት ላይ በሰፊው ገልብጡት። በስልክ አትሥሩት፣ ዓይን ይዘልላል። ሦስት እስክሪብቶ ያዙ፦ ሰማያዊ ለሚቆይ፣ አረንጓዴ ለሚቀየር፣ ቀይ ለሚጣል። የእኛ ጽሑፍ ይህ ነበር።

"እንኳን ከዘመነ ዮሐንስ ወደ ዘመነ ማቴዎስ በሰላም አሸጋገራችሁ! አዲስ አበባ ሆናችሁ ጅማ ላለች እናታችሁ ምን እንደምትልኩ ግራ ገብቷችኋል? እኛ አለንላችሁ! አንድ ኪሎ ምርጥ የተቆላ ቡና፣ ግማሽ ኪሎ ንጹሕ ማር፣ በአዲሱ ማሸጊያችን አሽገን እስከ በሯ እናደርሳለን። ከነማድረሻው 1,200 ብር። እስከ ጳጉሜን 4 ይዘዙ።"

የመጀመሪያው መስመር ቀይ። ዘመኑ በየዓመቱ ይቀየራል፣ ዘንድሮ ከማቴዎስ ወደ ማርቆስ ነው። እንዲህ ያለውን ሳያስተካክል የለቀቀ ነጋዴ አውቃለሁ፤ ከትዕዛዙ ይልቅ "ዮሐንስ እኮ አልፏል" የሚሉ አባቶች ስልክ በዝቶበት ነበር። እኛ ግን አስተካክለን ማስቀመጥ እንችል ነበር። ያወጣነው በሌላ ምክንያት ነው። ጅማ ላይ ነው የምንሸጠው፣ ከደንበኛው ብዙው ሙስሊም ነው፣ እናት ደግሞ የሁሉም ናት። ስለዚህ የዘመን መለወጫ ምኞቱን ለብቻው በበዓሉ ጠዋት እንለቀዋለን፣ ምንም ሳንሸጥበት። የሽያጩ ጽሑፍ በእናት ይጀምራል።

"አዲስ አበባ ሆናችሁ ጅማ ላለች እናታችሁ" ሰማያዊ። አትንኩት። የሚያድሰው ሰው ላይ ትልቁ ፈተና ይኼ ነው፤ የሠራውን መስመር ደጋግሞ ስላየው እሱን ይሰለቸዋል፣ ይቀይረዋል። ደንበኛው ግን በዓመት አንዴ ነው ያየው፣ አልሰለቸውም።

"ግራ ገብቷችኋል? እኛ አለንላችሁ!" ቀይ። ከኢንሹራንስ እስከ ምንጣፍ አጣቢ ሁሉም የሚለው ነው። የሱቁን ስም በእጃችሁ ሸፍናችሁ አንብቡ፤ ሌላ ሱቅ ቢለውም የሚያስኬድ መስመር ከሆነ ቦታ ይዞ ነው የተቀመጠው።

"ምርጥ" እና "ንጹሕ" ቀይ። በምትካቸው የሚታይ ነገር ይግባ፦ "በእጅ የተለቀመ"። እናት ቡናውን ሰፌድ ላይ ስታፈሰው የምታየው እሱን ነው።

"በአዲሱ ማሸጊያችን" ቀይ። አምና አዲስ ነበር፣ ዘንድሮ አርጅቷል። "አዲስ"፣ "ዘንድሮ የጀመርነው"፣ "ለመጀመሪያ ጊዜ" የሚሉትን በጽሑፉ ሁሉ ፈልጋችሁ አንድ በአንድ አውጡ። ፎቶውንም እዩ። እኛ ፎቶ ላይ ከጀበናው ኋላ ካርድ ቆሟል፣ ካርዱ ላይ 2017 ይላል። ጽሑፉን ሁሉ አድሰን ፎቶው ሊያሳጣን ነበር።

ዋጋው አረንጓዴ። ዘንድሮ 1,650 ነው። አምና 1,200 የከፈለ ሰው ያስታውሳል፣ ስለዚህ ዋጋውን በግልጽ ጻፉ፣ ከአጠገቡም የሚጨምረውን ነገር አስቀምጡ። አንድ ነገር ብቻ አታድርጉ፦ ዋጋውን ከፍ አድርጎ ከዚያ ላይ "ቅናሽ" ማለት። የሚያሳስት ማስታወቂያ በማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 የተከለከለ ነው፤ ከአዋጁ በፊት ደግሞ አምና የገዛው ሰው ደረሰኙን በስልኩ ፎቶ አንስቶ ይዞታል።

"እስከ ጳጉሜን 4 ይዘዙ" ደግሞ አረንጓዴ፣ ግን በታሪክ። አምና በመጨረሻው ቀን ትዕዛዝ ተቆለለ። ጳጉሜን 5 ከሰዓት መርካቶ ዶሮና በግ የሚገዛው ሰው መንገዱን ሞላው፣ የያዝነው አንድ ባጃጅ ነበር፣ ሦስት ዕቃ በበዓሉ ቀን ረፋድ ላይ ነው የደረሰው። አንደኛዋ እናት ምንም አላሉም፤ ልጃቸው ግን ብዙ አለ። "እስከ በሯ" የሚለው መስመር በጣም የሸጠልን ነው፣ ያጠፋነውም እሱን ነው። ሸጧል ብላችሁ ያላከበራችሁትን ቃል እንዳለ አትድገሙት። እኛ መስመሩን አስቀመጥንና ቀኑን ወደ ጳጉሜን 3 አመጣነው። ሁለት ቀን ሙሉ ለማድረስ ብቻ።

ለይቶ የሚታይ፦ የዶሮው ቀልድ

አምና መስከረም 1 ረቡዕ ዋለ። ረቡዕ ጾም ነው፣ እንቁጣጣሽ ስለሆነ አይቀርም። ስለዚህ ብዙ ጿሚ ቤት ዶሮው ለሐሙስ አደረ። እኛም ጳጉሜን 2 ላይ "ዶሮው ለሐሙስ ቢያድር፣ ቡናው ረቡዕ ይፈላል" ብለን ለቀቅን። ሰው ሳቀ፣ ለጓደኛው አስተላለፈ፣ አስራ አንድ አዘዘ። እትዬ እስካሁን ሲያስቡት ይስቃሉ፣ "እሱንማ እንዳታጠፋው" ብለውኛል።

ዘንድሮ ግን መስከረም 1 ሐሙስ ነው። ዶሮው በዕለቱ ይበላል። ቀልዱ ሞቷል። "ዘንድሮስ ዶሮውም አይቀር" እያሉ መጎተት ይቻላል፣ ግን አምናን ለማያስታውስ ሰው ምንም አይልም፣ ለሚያስታውሰውም የተሞቀ ወጥ ነው።

ስለዚህ ቀልዱን ጣሉና ቀልዱ ለምን እንደሠራ ጠይቁ። የሠራው ዶሮ ስላለበት አይደለም። በዚያ ሳምንት ሁሉም ቤት የሚወራውን ነገር ስለነካ ነው፦ በዓሉ በማይመች ቀን ዋለ። የሚቆየው ይኼ አካሄድ ነው። እንግዲህ የዘንድሮውን ካላንደር ዘርግታችሁ "ዘንድሮ ሰው የሚያጉረመርምበት ምንድን ነው?" በሉ።

እኛ ዘረጋነው። ሐሙስ በዓል፣ ዓርብ ሥራ፣ ከዚያ ቅዳሜና እሑድ። አዲስ አበባ የሚሠራ የጅማ ልጅ ከዚህ ወደ 350 ኪሎ ሜትር ርቆ ያለ ነው፣ መንገዱ ደርሶ መልስ ሁለት ቀን ይበላል። ያቺ አንዲት ዓርብ ናት ቤት እንዳይመጣ የምታደርገው። አለቃው ፈቃድ ከሰጠው ይመጣል፣ ካልሰጠው ይቀራል። አገኘነው! "ያቺ ዓርብ ባትኖር ትመጡ ነበር። እንግዲህ ቡናው ይምጣ።" ከአምናው ዶሮ አንድም ቃል የለበትም፣ ግን ልጁ ነው። ደግሞ እዩት፣ ከዋናው አጥንት ጋር ገጠመ፦ ሩቅ ያለ ልጅ፣ ጅማ ያለች እናት።

ቀኑን እንደገና ማስላት፦ መውሊድ

ይህን በጅማ የሚሸጥ ሰው መዝለል የለበትም። የሂጅራው ዓመት ከእኛው በአስራ አንድ ቀን ገደማ ስለሚያጥር መውሊድ በየዓመቱ ወደ ኋላ ይሸሻል። አምና ከእንቁጣጣሽ በኋላ መስከረም መጀመሪያ ላይ ነበር፣ ስለዚህ "ከእንቁጣጣሽ እስከ መውሊድ" የሚል መስመር ጽፈን ነበር፣ ደስ የሚል መስመር። ዘንድሮ ግን መውሊድ ቀድሞ ነው የሚመጣው፣ ነሐሴ መጨረሻ ላይ። መስመሩን ብትገለብጡት እንኳ አይበቃም፣ ምክንያቱም ነሐሴ 28 የምትለቁት ጽሑፍ ለመውሊድ የሚልከው ሰው ጋር የሚደርሰው ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው። እኛ የእናትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ ልንለቀው ወሰንን፦ ነሐሴ 19 ለመውሊድ፣ ነሐሴ 28 ለእንቁጣጣሽ። ቀኑ በጨረቃ ስለሚወሰን የመጀመሪያው ላይ "የመውሊድ ሳምንት" ብቻ ይባላል፣ ቁርጥ ያለ ቀን አይጻፍም።

በአፋን ኦሮሞም እናወጣዋለን። ግን እኔ ተርጉሜ አይደለም። የእትዬ የእህታቸው ልጅ አጥንቱን በቃል ነግረናት፣ እሷ እናቷን እንደምታናግር አድርጋ ራሷ ጻፈችው። የእኔን አማርኛ ብትከተል ኖሮ ያቺ "ዓርብ" የምትለው ቀልድ ድርቅ ብላ ትቀር ነበር።

አሁን መጻፍ

እዚህ ስትደርሱ መጻፉ አጭር ነው። የእኛ እንዲህ ወጣ።

"አዲስ አበባ ሆናችሁ ጅማ ላለች እናታችሁ፦ በእጅ የተለቀመ አንድ ኪሎ ጥሬ ቡና፣ ራሷ ቆልታ የምትጠጣው። ግማሽ ኪሎ ማር። እስከ በሯ እንወስዳለን፣ እንደደረሰም ፎቶ እንልክላችኋለን። ከነማድረሻው 1,650 ብር። ያቺ ዓርብ ባትኖር ትመጡ ነበር፤ እንግዲህ ቡናው ይምጣ። እስከ ጳጉሜን 3 እዘዙ፣ ከዚያ በኋላ ለበዓሉ አናደርስም።"

"ፎቶ እንልካለን" የሚለው አዲስ ነው። "ትወስዳላችሁ አይደል?" እያለ ደጋግሞ የጠየቀው ሰው ነው ያስጻፈው። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ትንሽ ይቆነጥጣል፣ እትዬም "ደንበኛ አያስቀይምም?" ብለው ነበር። አምና በበዓል ረፋድ የመጣውን ስልክ ሳስታውሳቸው ዝም አሉ። ለነሐሴ 19ኙ የዓርቧን መስመር አውጥተን የጳጉሜኑን ቀን ወደ ነሐሴ 25 ቀየርነው።

በአጭር የጽሑፍ መልእክት ለሚደርሳቸው ደንበኞች ደግሞ ሌላ መጠን ያስፈልጋል። በግዕዝ ፊደል የተጻፈ መልእክት አንዱ የሚይዘው 70 ቁምፊ ነው፣ ክፍት ቦታና አራት ነጥቡ ይቆጠራሉ። በላቲን 160 ስለሚይዝ ሰው ይሳሳታል። አንድ ካለፋችሁ እንደ ሁለት መልእክት ይቆጠራል፣ ሒሳቡም እንደዚያው። የአምናው 94 ነበር፣ ሳናውቅ ለእያንዳንዱ ደንበኛ ሁለት ከፍለናል። የዘንድሮው ይኼ ነው፦

"ዓርብ ሥራ ስላለ ጅማ አትመጡም? ቡናና ማር እናታችሁ ቤት እናድርስ። እስከ ጳጉሜን 3 እዘዙ።"

ይህ 59 ነው። አንድ ክፍት ቦታና አስር አሃዝ ስልክ ቁጥር ስትጨምሩበት ልክ 70። ማሩን "ንጹሕ ማር" ብል ኖሮ ስልኩ አይገባም ነበር፤ ቅጽል የሚያስጥል ነገር ከፈለጋችሁ ይኼን ያህል የሚረዳ የለም።

ከመልቀቃችሁ በፊት አምና ላዘዘ አንድ ደንበኛ አንብቡለትና "ይኼን ከዚህ በፊት ያየኸው ይመስልሃል?" በሉት። "አዎ፣ የአምናው ነው" ካለ የቱን እንዳስታወሰ ጠይቁ። እኛ የጠየቅነው ልጅ "የእናት ነገር እንደ አምናው ነው፣ ዓርቧን ግን ከየት አመጣችኋት፣ እኔን እኮ ነው የምትሉት" አለ። ለፈቃድ ማመልከቻ አስገብቶ መልስ እየጠበቀ ነበር። ከፈቀዱለት ራሱ ሊመጣ፣ ካልፈቀዱለት ሊያዝ ተስማምተን ስልኩን ዘጋን። እትዬ ስሙን ደብተሩ ላይ በእርሳስ ጻፉት።